ጎግል ቆርጦ የሚያወጣው መልስ፦ የመልስ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ እንዴት ይዋቀራል?

ጎግል ላይ አንድ ጥያቄ ስትጽፉ አንዳንዴ ከሊንኮቹ ሁሉ በላይ ሰፋ ያለ ሳጥን ይወጣል። ውስጡ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አለ። ወይም ደግሞ ከ1 ጀምሮ የተደረደሩ ደረጃዎች። ከሥሩ ጽሑፉ የተወሰደበት ገጽ ርዕስና አድራሻ ይታያል። ብዙ ሰው ሳጥኑን አንብቦ እዚያው ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ዝርዝር የፈለገ ደግሞ ሊንኩን ነክቶ ይገባል።

የሙያው ሰዎች ይሄን ሳጥን ፊቸርድ ስኒፔት ይሉታል። እኔ እዚህ የመልስ ሳጥን እለዋለሁ። ድረ ገጽ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይመኘዋል። እንዴት እንደሚገባበት ግን የሚወራው ግማሹ ትክክል አይደለም።

## ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መልስ ማን ይጽፈዋል?

ጎግል አይጽፈውም። ከአንድ ሰው ገጽ ላይ ቆርጦ ያወጣዋል። ሳጥኑ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አሠራሩም ይኸው ነው። ሲስተሙ ጥያቄውን ያያል፣ ለጥያቄው የሚሆኑ ገጾችን ያያል፣ ከአንዱ ገጽ ላይ ጥያቄውን በአጭሩ የሚመልስ ክፍል ካገኘ ያንን ክፍል ብቻ ነጥሎ ከላይ ያስቀምጣል።

ነገሩን እንዲህ አስቡት። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ባለሙያ ጋ ሄዶ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቀዳ። ለዜናው የሚፈልገው ግን 20 ሴኮንድ ነው። ባለሙያው በመሀል «የደም ግፊት ማለት ደም የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው» ብሎ ከነበረ ጋዜጠኛው ያቺን ቆርጦ ይሄዳል። «ቅድም እንዳልኩህ፣ እሱ ነገር እንግዲህ ይሄን ያደርጋል» ካለ ግን መልሱ ትክክል ቢሆንም ተቆርጦ አይወጣም። ለብቻው ሲሰማ ትርጉም የለውምና።

ስለ ሳጥኑ የሚነገረው ምክር ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ አንቀጽ ከገጹ ተቆርጦ ለብቻው ቢቀመጥ ይቆማል ወይ?

ማመልከቻ የለውም። ክፍያም የለውም። «ይሄን ሳጥን ውስጥ አስገባልኝ» የሚል ኮድም የለም፤ ይህንን ጎግል ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ብዙዎች ገጻቸው ላይ ልዩ የመረጃ ኮድ በመጨመር ሳጥኑን የሚያገኙ ይመስላቸዋል። ያ ኮድ ለሌላ ሥራ ይጠቅማል፤ ይህን ሳጥን ግን አያመጣም። ሳጥኑ የሚመጣው አንባቢው ራሱ ከሚያነበው ጽሑፍ ነው።

## የትኛውም ገጽ ሊገባ ይችላል?

በሕግ ደረጃ የሚከለክለው የለም። በተግባር ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡት ገጾች በአብዛኛው ለዚያው ጥያቄ ቀድሞውኑ በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ላይ ያሉት ናቸው። አምስተኛው ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ አንቀጹን ስላሳመረ ብቻ ወደ ላይ አይዘልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አሁን ከ2ኛ እስከ 10ኛ ባለው ቦታ ላይ ካሉት ጽሑፎቻችሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሳጥኑ ለሁሉም ጥያቄ አይወጣም። የአንድን ድርጅት ስም የሚጽፍ ሰው ድርጅቱን ነው የሚፈልገው፤ ትርጉም አይፈልግም። የተሳሳተ ነገር እንደ እውነት ይዘው ለሚጠይቁም ሳጥኑ እንዳይወጣ ጎግል በ2022 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ አድርጓል። ኩባንያው ራሱ የሰጠው ምሳሌ «ስኑፒ አብርሃም ሊንከንን መቼ ገደለው?» የሚል ነበር። ስኑፒ የካርቱን ውሻ ነው። በዚያው ጊዜ ሲስተሙ ለሳጥኑ የሚመርጠውን መልስ ሌሎች ታማኝ ገጾች ከሚሉት ጋር እንደሚያመሳክርም ገልጿል። ማንም የማይስማማበት የራሳችሁ ትርጉም፣ ቢያምርም፣ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን ራሳችሁ ፈልጉት። ሳጥን ወጣ? ከወጣ ቅርጹ ምንድን ነው? አንቀጽ ከሆነ አንቀጽ ጻፉ። ደረጃዎች ከሆኑ ደረጃዎች ጻፉ። ጎግል ለዚያ ጥያቄ ዝርዝር እያሳየ እናንተ ግሩም አንቀጽ ብታቀርቡ የሚገጥም ነገር አላቀረባችሁም።

## «ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ እንዴት ይመለሳል?

አንድ ጽሑፍ ይዘን እንሥራበት። ርዕሱ ኮምፖስት ነው እንበል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይጀመራል፦

> ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ኮምፖስት ሰምቶ ያውቃል። ብዙዎች ግን ነገሩ በትክክል አይገባቸውም። ከላይ እንዳየነው ቆሻሻ የምንለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። እሱን በአግባቡ ከያዝነው ከጊዜ በኋላ ለአፈር የሚጠቅም ነገር ይሆናል፤ ይህም ኮምፖስት ይባላል።

ሲነበብ ምንም አይልም። አሁን መቀሱን አንሱና ለመቁረጥ ሞክሩ። ከየት ትጀምራላችሁ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስለ ኮምፖስት ምንም አልነገሩንም። ሦስተኛው «ከላይ እንዳየነው» ይላል፤ ሲቆረጥ ግን «ላይ» የሚባል ነገር የለም። አራተኛው መልሱን ይዟል። ግን «እሱን» ብሎ ነው የጀመረው። እሱ ማን? መልሱ ቃሉን ራሱን ያስቀመጠው የመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው።

አሁን ይሄን እዩት፦

```
<h2>ኮምፖስት ምንድን ነው?</h2>
<p>ኮምፖስት ማለት ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭና ሌላ
የዕፅዋት ተረፈ ምርት በስብሶ የሚገኝ የአፈር ማዳበሪያ ነው።
ተረፈ ምርቱን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ
ተሕዋስያን ናቸው፤ ለዚህም አየርና እርጥበት ይፈልጋሉ።
ኮምፖስት አፈር ውሃ እንዲይዝ ይረዳል፤ ለተክልም ቀስ
እያለ ምግብ ይሰጣል።</p>
```

`h2` ንዑስ ርዕስ ማለት ነው፤ `p` ደግሞ አንቀጽ። ንዑስ ርዕሱ ሰው ፍለጋ ላይ የሚጽፈውን ጥያቄ እንዳለ ይዟል። መልሱ ወዲያው ከሥሩ ነው። በመሀል ፎቶ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ «ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት» የለም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስሙን ጠርቶ ይነሳል፣ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይናገራል፣ ከሌላው በምን እንደሚለይም ያሳያል። ሁለተኛው እንዴት እንደሚሆን፣ ሦስተኛው ለምን እንደሚፈለግ ይነግረናል።

ርዝመቱስ? በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከ40 እስከ 60 ቃል ይመክራሉ። ይህ ከልምድ የመጣ ግምት ነው፤ ጎግል የወሰነው ቁጥር የለም። በአማርኛ ስንጽፍ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ ያለብን አይመስለኝም። እንግሊዝኛ በሦስት ቃል የሚለውን እኛ «ከቤታችን» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። ከላይ ያለው አንቀጽ 36 ቃል ነው፤ ሙሉ መልስ ግን ሰጥቷል። እኔ ከ30 እስከ 45 ባለው ውስጥ ለመቆየት እሞክራለሁ።

አማርኛችን ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በረዘመ ቁጥር «ነው» የምትለው ቃል ትርቃለች፤ አንባቢውም መልሱን ሳያገኝ ይቆያል። ከላይ ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር 14 ቃል ነው። 25 ካለፈ ለሁለት ክፈሉት። «ማለት» የምትለውን ቃል ደግሞ አትናቋት። «ኮምፖስት ማለት» ብላችሁ ስትጀምሩ የሚቀጥለው ትርጉም መሆኑ ለሰውም ለማሽንም ወዲያው ይታያል።

## «እንዴት?» ለሚል ጥያቄስ?

እዚህ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎችን ነው የሚያሳየው። ዋናው ነገር ቁጥሮቹ እውነተኛ ዝርዝር መሆናቸው ነው። አንቀጽ ውስጥ «በመጀመሪያ… ቀጥሎ… ከዚያ በኋላ…» እያሉ መጻፍ ለዓይን ደረጃ ይመስላል እንጂ ለሲስተሙ አንድ ረጅም አንቀጽ ነው። ጽሑፍ ማዘጋጃችሁ ላይ ያለውን የቁጥር ዝርዝር ቁልፍ ተጠቀሙ። ከጀርባው የሚፈጠረው ኮድ ይህን ይመስላል፦

```
<h2>ኮምፖስት እንዴት ይዘጋጃል?</h2>
<ol>
  <li>ውሃ የማይተኛበት ጥላማ ቦታ ምረጡ።</li>
  <li>ከሥር ቀጫጭን ቅርንጫፍ አንጥፉ።</li>
  <li>ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እርጥብ
      ልጣጭ በየተራ ደርድሩ።</li>
  <li>እንደተጨመቀ ስፖንጅ እስኪረጥብ ውሃ አርከፍክፉ።</li>
  <li>በየሳምንቱ አገላብጡ።</li>
  <li>ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲይዝ አውጡ።</li>
</ol>
```

እያንዳንዱ መስመር በትእዛዝ አንቀጽ ያልቃል፦ ምረጡ፣ አንጥፉ፣ ደርድሩ። አንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ይዟል። ሦስተኛው ላይ ልኩን አስገብቻለሁ፤ ያለ ልኩ «ደረቅና እርጥብ ደርድሩ» ማለት አንባቢውን መሀል መንገድ ላይ መተው ነው።

ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው ፎቶና ሁለት ሦስት አንቀጽ የሚፈልጉ ከሆነስ? ያኔ እያንዳንዱን ደረጃ አነስ ያለ ንዑስ ርዕስ አድርጉት፤ በኮድ `h3` የሚባለውን። ጎግል ከአንድ `h2` ሥር ያሉትን `h3` ርዕሶች ለቅሞ ራሱ ዝርዝር ሊሠራ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ርዕሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ሥራውን መናገር አለበት። «ትዕግሥት የሚፈልገው ክፍል» የሚል ርዕስ ያምር ይሆናል፤ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ግን ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። «በየሳምንቱ አገላብጡ» ይሻላል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ የደረጃ ጽሑፌ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ስከፍተው አራተኛው ደረጃ «እነዚህንም ያንብቡ» ይላል! በጽሑፉ መሀል ወደ ሌሎች ጽሑፎች የሚወስድ ክፍል ነበረኝ፤ ርዕሱንም እንደ ደረጃዎቹ `h3` አድርጌው ነበር። ሲስተሙ ምን ያድርግ? እኩል ደረጃ ያለው ርዕስ አየ፣ አሰለፈው። ያንን ርዕስ ተራ ደማቅ ጽሑፍ አድርጌ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ከማተሜ በፊት ርዕሶቹን ብቻ ለብቻቸው ገልብጬ አነባቸዋለሁ። ርዕሶቹ ብቻቸውን ሲነበቡ የሥራው ቅደም ተከተል መሆን አለባቸው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ብዙ ሰው ርዕስ ሲፈልግ ጽሑፉን አድምቆ ፊደሉን ያተልቃል። ለዓይን ርዕስ ነው። ከጀርባ ግን አሁንም አንቀጽ ነው፤ ማንም አይለቅመውም።

ረጅም ዝርዝር ሙሉውን አይታይም። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ስምንት ገደማ መስመር አሳይቶ የቀረውን ለማየት ወደ ገጹ ይልካል። 12 ደረጃ ካለው ሥራ ላይ ሳጥን ለመግባት ብሎ አራቱን መሰረዝ ግን ልክ አይደለም። ሥራው 12 ከሆነ 12 ይጻፍ።

## አጫጭር ጥያቄዎችስ?

አንድ ትልቅ ጽሑፍ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ጥያቄዎች አሉት። ኮምፖስት በስንት ጊዜ ይደርሳል? ለምን ይሸታል? እነዚህ የየራሳቸው ንዑስ ርዕስና የየራሳቸው አጭር መልስ ይገባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ይህ እንደ ሁኔታው ይለያያል» ብለን እንጀምራለን። እውነት ነው፤ ግን ተቆርጦ ሲወጣ ባዶ ነው። መልሱን አስቀድሙ፣ ሁኔታውን አስከትሉ፦

> ኮምፖስት እርጥበቱ ተጠብቆ በየጊዜው ከተገላበጠ ከ2 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደርሳል። ሳይነካ ከተተወ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

«ይለያያል» የሚለው እውነት አልጠፋም። ምን ላይ እንደሚለያይ ግን አሁን ታወቀ።

## መልሱን እዚያው ካነበቡት ወደ ገጼ ለምን ይመጣሉ?

አንዳንዱ አይመጣም። ይህን መደበቅ ጥሩ አይደለም። ትርጉም ብቻ የፈለገ ሰው ትርጉሙን አግኝቶ ይሄዳል። አንዳንዶች ለዚህ ብለው መልሱን ግማሽ አድርገው ይጽፋሉ። እኔ አልስማማም፤ ግማሽ መልስ ለሳጥኑም ለአንባቢውም አይሆንም። የሚሻለው ከመልሱ ቀጥሎ ሳጥኑ የማይበቃውን ማስከተል ነው፦ የየደረጃውን ፎቶ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል፣ ዝርዝር ልኩን።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሊንኩን የሚነካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ገጹ አናት ላይ አይደለም። በቀጥታ የተቆረጠው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ያ ክፍልም ቀለም ተቀብቶ ይጠብቀዋል። መግቢያችሁን አላየም። ስለዚህ ከመልሱ በታች ያለው አንቀጽ ገና አሁን ከመንገድ ለገባ እንግዳ የሚገባው መሆን አለበት።

ድሮ ሌላ ጥቅም ነበረ። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ገጽ ከታች በተለመደው ዝርዝርም ይደገም ነበር። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎግል ድግግሞሹን አንስቶታል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለ ገጽ በመጀመሪያው ገጽ ዝርዝር ውስጥ ዳግም አይወጣም።

## መግባቴን በምን አውቃለሁ? ካልገባሁስ?

በግል መስኮት፣ ማለትም ታሪክ በማይመዘግበው የብራውዘር መስኮት፣ ጥያቄውን ፈልጉት። ሳጥኑ ውስጥ ካላችሁ ሊንኩን ንኩና የአድራሻ መስመሩን እዩ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ `#:~:text=` የሚል ነገር ተጨምሮ ታያላችሁ፤ ከኋላው ያሉት ቃላት ጎግል ከቆረጠው ክፍል የተወሰዱ ናቸው። በትክክል ከየት እንደተቆረጠ የምታዩት እዚያ ነው።

ጎግል ለገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ለዚህ ሳጥን ብቻ የተለየ ማጣሪያ የለውም። ግን አንዱን ጥያቄ መርጣችሁ አማካይ ቦታውንና ክሊኩን በቀን በቀን መከታተል ትችላላችሁ። ከ5ኛ አካባቢ ድንገት ወደ 1 ከተጠጋ ገብታችሁ ይሆናል፤ ፈልጉና አረጋግጡ።

ካልገባ መጀመሪያ የምፈትሸው ጽሑፉን ሳይሆን የገጹን ኮድ ነው። አንዳንድ የድረ ገጽ ንድፎች ባለቤቱ ሳያውቅ መቆረጥን የሚከለክል መስመር ይዘው ይመጣሉ። የገጹን ምንጭ ኮድ ክፈቱና እነዚህን ፈልጉ፦

```
<meta name="robots" content="nosnippet">
<meta name="robots" content="max-snippet:50">
```

የመጀመሪያው «ከዚህ ገጽ ምንም ቆርጠህ አታሳይ» ማለት ነው። እሱ ካለ ሳጥኑ አይታሰብም። ሁለተኛው ከ50 ፊደል በላይ እንዳይወሰድ ያዛል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሳጥን ውስጥ የመግባት ዕድሉም ይቀንሳል። `max-snippet:-1` ከሆነ ገደብ የለም ማለት ነው፤ እሱን ተዉት። `data-nosnippet` የሚለው ደግሞ የገጹን አንድ ክፍል ብቻ ይከለክላል። መልሳችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳይሆን።

ኮዱ ንጹሕ ከሆነ ወደ አንቀጹ ተመለሱ። አሁን ሳጥኑን የያዘውን ገጽ መልስና የእናንተን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእሱ አጭር ነው? እናንተ የዘለላችሁትን ነገር ተናግሯል? አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ የለወጣችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ከዚያ ጎግል ገጹን ዳግም እስኪያነበው ጠብቁ። ርዕሱንም አንቀጹንም ዝርዝሩንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ሳጥኑ ቋሚ ርስት ስላልሆነ ነገ ሌላ ገጽ ይወስደው ይሆናል፤ ያኔ ይቺ የቀን ማስታወሻ ናት ከየት እንደምትጀምሩ የምትነግራችሁ።